የጎደለውን ቁራጭ ከጎረቤቱ አትቅዱ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአፕቲትዩድ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ሳስጠና ደጋግሞ የሚያከራክረን አንድ ዓይነት የምስል ጥያቄ አለ። በጥለት የተሞላ ካሬ ይሰጣል፤ ከመሀሉ ወይም ከጥጉ የተወሰነው ተቆርጦ ባዶ ይቀራል፤ ከሥር የተደረደሩት ቁራጮች ውስጥ ባዶውን የሚሞላው የትኛው ነው ይላል። የቆየ ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ባለ 60 ጥያቄ ፈተናም የሚጀምረው በዚሁ ነው። ቀላሉ ሲመጣ ዓይን ብቻውን ይጨርሰዋል፤ መስመሩ የት እንደሚሄድ ያያል፣ ይመርጣል። ከባዱ ሲመጣ ደግሞ የሚያሳስተው ይኸው ዓይን ነው። ከባዱን ለማሳየት ራሴ ያዘጋጀሁትንና ዘወትር የማሠራውን አንድ ጥያቄ ከነአሠራሬ ላስቀምጥ።

ምስሉ ስድስት በስድስት ነው፤ 36 ትንንሽ ካሬዎች አሉት። እያንዳንዱ ካሬ በሰያፍ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። ጥቁሩ የያዘው ማዕዘን ይለያያል፦ የላይኛውን ግራ ከያዘ 1፣ የላይኛውን ቀኝ ከያዘ 2፣ የታችኛውን ቀኝ ከያዘ 3፣ የታችኛውን ግራ ከያዘ 4 ብዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ከዚያ ምስሉ እንዲህ ይጻፋል፤ የጥያቄ ምልክቶቹ የተቆረጠው ቦታ ናቸው።

```
1 2 1 2 1 2
4 3 4 3 4 3
1 2 1 2 1 2
4 3 4 ? ? 3
1 2 1 ? ? 2
4 3 4 3 4 3
```

በዚህ ላይ አንዳንዶቹ ካሬዎች ነጩ ግማሻቸው ውስጥ ትንሽ ነጥብ አላቸው። በመጀመሪያው ረድፍ 2ኛውና 5ኛው፣ በሁለተኛው 1ኛውና 4ኛው፣ በሦስተኛው 3ኛውና 6ኛው። በአራተኛው ረድፍ 2ኛው ላይ፣ በአምስተኛው 1ኛው ላይ አንዳንድ ነጥብ ይታያል፤ የቀረው ተሸፍኗል። ስድስተኛው ረድፍ ላይ እንደገና 3ኛውና 6ኛው።

ምርጫዎቹ አራት ናቸው፤ ሁሉም ሁለት በሁለት፣ ሁሉም መሀላቸው ላይ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ፣ እንደ መጫወቻ ካርታው ዳይመንድ ያለ ቅርጽ አላቸው። ሀ፦ ዳይመንዱ ነጭ፣ አራቱ ማዕዘኖች ጥቁር፣ ሁለት ነጥብ። ለ፦ ዳይመንዱ ጥቁር፣ ነጥቦቹ በላይኛው ቀኝና በታችኛው ግራ ማዕዘን። ሐ፦ ዳይመንዱ ጥቁር፣ ነጥቦቹ በላይኛው ግራና በታችኛው ቀኝ ማዕዘን። መ፦ ዳይመንዱ ጥቁር፣ ነጥቡ አንድ ብቻ፣ በላይኛው ግራ ማዕዘን።

እኔ መጀመሪያ ምርጫዎቹን በመዳፌ እሸፍናለሁ። አራት ተመሳሳይ ቁራጮች ቀድመው ከታዩ አእምሮ ምስሉን ትቶ እነሱን እርስ በርስ ማወዳደር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ግምት ነው። ሸፍኜ በጥያቄው ወረቀት ጠርዝ ላይ ሁለት በሁለት ሣጥን እሥላለሁ። በጥያቄው ወረቀት ላይ መጻፍ ከተከለከለ በመለማመጃው ወረቀት ላይ።

ከዚያ ሰያፍ መስመሮቹን እከተላለሁ። በአራተኛው ረድፍ ሦስተኛዋ ካሬ ውስጥ ያለው መስመር ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ወርዶ የባዶውን ቦታ ግራ ጎን ልክ መሀሉ ላይ ይነካል። ሳይታጠፍ ከቀጠለ ወደ ታችኛው ጎን መሀል ይደርሳል። ከሌሎቹ ጎኖች የሚመጡትም እንደዚያው መሀል ለመሀል ስለሚገናኙ ሣጥኑ ውስጥ ዳይመንድ ይወጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ግን አራቱም ምርጫዎች ይኸው ዳይመንድ አላቸው፤ መስመር መከተል አንዱንም አልጣለም። ጥያቄውን ሳወጣም ይህን አስቤ ነው የሠራሁት።

ቀጥሎ ቀለም። የባዶውን ቦታ ዙሪያ የሚነኩትን ስምንት ካሬዎች አንድ በአንድ አያለሁ፤ ጥቁራቸው ባዶውን በሙሉ ጎን ይነካል ወይስ በጫፍ ብቻ? ስምንቱም ባዶውን የሚነኩበት ጎን ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚደርሰው በአንዲት ጫፍ፣ ያውም የእያንዳንዱ ጎን መሀል ላይ ነው። ስለዚህ የሚገባው ቁራጭ አራት ማዕዘኖቹ ነጭ መሆን አለባቸው። ሀ ወደቀ። ሀን ብናስገባው ጥቁሩ በቁም ወይም በአግድም መስመር ተቆርጦ ከነጭ ጋር ይጋጠማል፤ ምስሉ ውስጥ ግን ጥቁርና ነጭ የሚለያዩት በሰያፍ ብቻ ነው።

ሀን የሚመርጠው ማን ነው ቢባል፣ ጥለቱን በደንብ ያየው ልጅ ነው። ከላይ ከግራ ጀምሮ 1 2 / 4 3 እያለ ይደጋገማል ብሎ አግኝቷል፤ እውነቱን ነው። ስህተቱ የተቆረጠው ቦታ ከዚያ ክፍል ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል ብሎ ማሰቡ ነው። ቁራጩ የሚጀምረው ከአራተኛው ረድፍና ከአራተኛው ዓምድ ነው፤ ድግግሞሹ ደግሞ ከ1፣ ከ3፣ ከ5 ነው የሚነሣው። መቀሱ በአንድ ካሬ ዘሎ ገብቷል። ባሕር ዳር ካፌዎች ውስጥ የወለል ሴራሚክ ግድግዳው ሥር ሲደርስ አበባው በግማሽ ተቆርጦ እንደሚቀረው ማለት ነው፤ ግድግዳው አበባው የት እንደሚያልቅ አይጠይቅም። እዚህ ጥለቱን ከአራተኛው ብናነብበው 3 4 / 2 1 ይሆናል፤ አራቱም ጥቁሮች መሀል ላይ ይገናኛሉ፤ ዳይመንዱ ጥቁር ነው።

ለ፣ ሐ እና መ ቀሩ። እዚህ ላይ የጠርዝ ዘዴ ከእንግዲህ አይረዳም፤ ነጥቡ ጠርዝ አይነካምና ከጎረቤቱ ጋር የሚጋጠም ነገር የለውም። መቁጠር ብቻ ነው ያለው።

አንድ ተማሪ እዚህ ላይ «ቲቸር፣ ሌላ ጥቁር ዳይመንድ እዚሁ አጠገቡ አለ እኮ፤ እሱን መቅዳት አይበቃም?» አለኝ። የጥያቄው ወጥመድ በሙሉ ይህች ናት። ሙሉ ሆነው የሚታዩ ጥቁር ዳይመንዶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከባዶው ቦታ በላይ፣ አንዱ በግራው፣ አንዱ በሰያፍ ከላይ በግራ። ከበላዩና በግራው ያሉት ሁለቱም በላይኛው ግራ ማዕዘን አንዳንድ ነጥብ አላቸው፤ ቁርጥ መን። በሰያፍ ያለው በታችኛው ቀኝ አንድ ነጥብ አለው። ከሦስቱ አንዱም ባለ ሁለት ነጥብ አይደለም። ትክክለኛው መልስ በሚታየው ክፍል ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

ምክንያቱ ሁለት ጥለት ተደራርቦ መምጣቱ ነው። ጥቁርና ነጩ በየ2 ካሬ ይደጋገማል፤ ነጥቡ በየ3። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ላይ እኩል የሚመለሱት ከ6 ካሬ በኋላ ነው፤ ምስሉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 6 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀዳ ጎረቤት የለም፤ እያንዳንዱን ጥለት ለብቻው ማስላት ግድ ነው። ስንደዶ የሚሰፉ እናቶች አለላውን ሲያስገቡ ቀይዋን ለብቻ፣ ጥቁሯን ለብቻ ሲቆጥሩ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም።

ነጥቡን በረድፍ ልቁጠር። አራተኛው ረድፍ ላይ 2ኛው ካሬ ነጥብ አለው፤ 3 ስጨምር 5ኛው። አምስተኛው ረድፍ ላይ 1ኛው አለው፤ 3 ስጨምር 4ኛው። ይህ በሣጥኔ ውስጥ ላይኛው ቀኝና ታችኛው ግራ ነው። በረድፍ ብቻ ግን አልተማመንም፤ በዓምድም አረጋግጣለሁ። 5ኛው ዓምድ 1ኛው ረድፍ ላይ ነጥብ አለው፤ 3 ወደ ታች 4ኛው ረድፍ። 4ኛው ዓምድ 2ኛው ላይ አለው፤ 3 ወደ ታች 5ኛው። ሁለቱ ተስማሙ። በሰያፍም ቢታይ ከሦስተኛው ረድፍ 6ኛ ካሬ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ግራ የሚወርደው የነጥብ መስመር ባዶውን አቋርጦ ስድስተኛው ረድፍ 3ኛ ካሬ ላይ ይወጣል። መልሱ ለ ነው። መዳፌን የማነሣው አሁን ነው።

ሐ የተቀመጠው ወረቀት ለሚያዞሩ ነው። ለ በሩብ ዙር ቢዞር ሐ ይሆናል፤ ጥቁሩ ዳይመንድ ቢዞር ባይዞር ያው ስለሆነ ለውጡ የሚታወቀው በነጥቦቹ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ቁራጩ በተሣለበት አቋሙ ነው የሚገባው፤ መመሪያው ማዞር ይቻላል ካላለ አይዞርም። ሁለት ነጥብ መኖሩን ብቻ አይቶ የት የት እንደሆኑ ያልመዘገበ ሰው ለ እና ሐ ላይ ሳንቲም ይጥላል። ሣጥኑን መሣል የምወድደው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጥለቱ ወደ ጎን የማይሄድ፣ እንደ መሶብ ክዳን መሀሉን የሚዞርም አለ። አራት ሩቦች ይኖሩና ሦስቱ ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጫፉ የታጠፈ ቆልማማ መስመር አለ። እዚያ 2፣ 3 እያሉ መቁጠር አይሠራም። የዞረ ነው ወይስ በመስታወት የተገለበጠ የሚለውን የምለየው ቆልማማውን ከቀጥተኛው ጫፍ ወደ ታጠፈው ጫፍ በጣቴ በመከተል ነው። በሦስቱም ሩቦች ጣቴ በሰዓት አቅጣጫ ከዞረ ምስሉ ዞሯል፤ አራተኛውም እንዲሁ ይሆናል። አንዱ በሰዓት አቅጣጫ፣ ጎረቤቱ በተቃራኒው ከሄደ ግን ግልባጭ ነው፤ አራተኛው በሰያፍ ትይዩው ካለው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይዞራል።

ሌላው ፎቶ ኮፒ ነው። ከኮፒ ላይ የተኮፐ ወረቀት መጀመሪያ የሚበላው እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ነጥቦች ነው፤ ቀጭን መስመርና ግራጫ ጥላም አብረው ይሄዳሉ። ከላይ ባለው ጥያቄ ነጥቦቹ ከጠፉ ለ፣ ሐ እና መ አንድ ይሆናሉ፤ ልጁ ደግሞ ራሱን ይጠራጠራል። ሁለት ምርጫ ፍጹም አንድ ሆኖ ከታየ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት፣ ካልሆነም የጎረቤትን ቅጂ ሳይሆን ፈታኙን መጠየቅ ነው። እኔም ለተማሪዎቼ ሳባዛ የእያንዳንዱን ረድፍ ነጥብ ቆጥሬ ነው የማድለው፤ ከላይ ባለው ምስል 10 መታየት አለበት።