ከአንድ ቋት የወጡ እኩል ያልሆኑ ፈተናዎች

በምሠራበት ኮሌጅ የሙድል መማሪያ ሥርዓትን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ፈተና በኦንላይን በተሰጠ ማግስት የኮርሱ መምህር ደውለው ሰርቨሩ ተንቀራፎ የተማሪዎቹን ሰዓት እንደበላባቸው ነገሩኝ። አንዳንዶቹ ሳይጨርሱ ፈተናው በራሱ ተዘግቶባቸዋል፤ ሌሎቹ ግን ከተሰጣቸው ጊዜ ግማሹን ያህል ብቻ ተጠቅመው ወጥተዋል። ችግሩ ከሰርቨሩ ቢሆን ኖሮ በተመሳሳይ ሰዓት የተፈተኑትን ሁሉ ባንገላታ ነበር ብዬ ስላሰብኩ በቅድሚያ የውጤት ሰንጠረዡን ከፈትሁ።

ፈተናው የተዘጋጀው እንዲህ ነበር። በአንድ ምድብ ውስጥ 60 ጥያቄዎች ተቀምጠዋል፤ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከእነዚህ 10 በዕጣ ያወጣል፤ የጊዜ ገደቡ 25 ደቂቃ ሲሆን፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የተሠራው ሁሉ በራሱ እንዲረከብ ተደርጓል። ሰንጠረዡ ከውጤቱ ጎን እያንዳንዱ ተማሪ የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት አብዛኞቹ 25ቱን ደቂቃ ሙሉ የተጠቀሙ ሲሆኑ፣ የመጨረሻ ጥያቄዎቻቸው የተሳሳቱ ሳይሆን ጭራሽ ያልተመለሱ ነበሩ። እርማቱ ለሁለቱም ዜሮ ስለሚሰጥ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አይለየውም።

ከዚያ የሁለት ተማሪዎችን ወረቀት ጎን ለጎን ከፈትሁ። ለአንደኛው የደረሰው የስሌት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ዘጠኙ ስለ አማካይና ስለ መካከለኛ ዋጋ ምንነት የሚጠይቁ ምርጫዎች ናቸው። ለሁለተኛው ግን ሰባት የስሌት ጥያቄዎች ደርሰውታል። መምህሩ ራሳቸው አንድ ስሌት 4 ደቂቃ፣ አንድ ምርጫ ደግሞ 1 ደቂቃ ይበቃዋል ብለው ነበር የገመቱት። በዚህ ግምት የመጀመሪያው ፈተና 13 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 31 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ተማሪ ሁሉንም ቢያውቅ እንኳ በ25 ደቂቃ ሊጨርስ አይችልም ነበር።

ዕጣው የሚያየው ምድቡን እንጂ የጥያቄውን ክብደት አይደለም። ከ60ዎቹ ጥያቄዎች 24ቱ ስሌት ስለነበሩ በአማካይ ለአንድ ተማሪ አራት ስሌት ይደርሳል፤ ነገር ግን አማካይ የሁሉም ድርሻ አይደለም። 120 ተማሪዎች ሲፈተኑ ያለ ምንም ብልሽት፣ በዕጣ ብቻ፣ አምስት ለሚሆኑት ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ስሌት ይደርሳቸዋል፤ አራት ያህሉ ደግሞ አንድ ብቻ ወይም ጭራሽ ምንም አይደርሳቸውም። መምህሩ ፈተናውን አስቀድመው በቅድመ ዕይታ ሞክረውታል፤ ሆኖም ቅድመ ዕይታ የሚያሳየው አንድ ዕጣ ነው፤ ያ ዕጣ ደግሞ ሚዛናዊ መስሎ መውጣቱ አይገርምም።

መምህሩ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ውጤቱን እንደገና እንዲታረም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ነበር። ይቻላል፤ ግን ዳግም እርማት በተማሪው እጅ የገቡትን እነዚያኑ ጥያቄዎች በታረመ መልስ መመዘን እንጂ ሌላ ዕጣ ማውጣት አይደለም። በእርግጥ አንድ ቦታ ጠቅሞናል፦ አንደኛው የስሌት ጥያቄ የተፈቀደ የስሕተት ልክ ዜሮ ስለነበር 0.333ን ተቀብሎ 0.33ን ይጥላል። ልኩን ወደ 0.005 አሳድገን ዳግም ስናርመው ጥቂት ተማሪዎች ነጥባቸውን አገኙ። የዕጣው ችግር ግን እንዳለ ቀረ።

መፍትሔው ምድቡን ለሁለት መክፈል ሆነ። ስሌቶቹን በአንድ ንዑስ ምድብ፣ ምርጫዎቹን በሌላ አስቀመጥንና ከመጀመሪያው 4፣ ከሁለተኛው 6 ጥያቄ እንዲወጣ አደረግን። በመምህሩ ግምት ይህ ለሁሉም 22 ደቂቃ ነው፤ ለማንበብና ለመገላበጥ 3 ደቂቃ ይተርፋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጥያቄ ሲጨመር ዋናው ምድብ ተመርጦ ንዑስ ምድቦችንም ያካትት የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ሁሉም ተመልሶ ይደባለቃል። ስለዚህ ሁለቱን ንዑስ ምድቦች ለየብቻ መምረጥ ያስፈልጋል።

ጥያቄዎቹን በሁለቱ ንዑስ ምድቦች ለመደልደል አኃዛዊ ዘገባቸውን መጠቀም አስበን ነበር፤ ዘገባው ምን ያህሉ ተማሪ እያንዳንዱን ጥያቄ በትክክል እንደመለሰ ይናገራልና። ይሁን እንጂ ያልተነካ ጥያቄም እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር፣ ሰዓት በጨረሰው ተማሪ ወረቀት መጨረሻ ላይ የወደቀ ቀላል ጥያቄ ከባድ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ድልድሉን በዘገባው ሳይሆን በመምህሩ ንባብ ሠራነው።

መምህሩ ፈተናው ለሁሉም ተማሪዎች እንዲደገም ወሰኑ፤ የተበደሉትን ብቻ እንደገና መፈተን፣ ዕጣ የቀናቸውን በማይገባቸው ውጤት ማስቀረት ነው ብለው። በድጋሚው ፈተና የወሰዱት ጊዜ ይበልጥ ተቀራረበ፤ ሰዓት የጨረሱት ጥቂቶች ወረቀት ግን ሲታይ፣ ከምርጫዎቹ መካከል ረጅም ሰንጠረዥ የሚያስነብቡ ሁለት ጥያቄዎች ተገኙ፤ እነሱንም ወደ ስሌቶቹ ምድብ አዛወርናቸው።