የአሥራ አንደኛው ደረጃ አራት ባለቤቶች

የዚያ ዓመት የነፃ ትምህርት ዕድል 12 ቦታ ብቻ ነበረው። ከሲዳማ ገጠር ወረዳዎች ተነሥተው 11ኛና 12ኛ ክፍልን ሀዋሳ ለሚማሩ ልጆች የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ የሚሸፍን አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ እኔ የምርጫ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርሁ። የነጥብ አሰጣጥ መመሪያው ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት አማካይ 40 ነጥብ፣ የቤተሰብ ችግር 40፣ ድርሰት 10፣ ቃለ መጠይቅ 10። በመጨረሻው ገጽ ላይ ማንም የማያነበው አንድ አንቀጽ አለ፦ አመልካቾች እኩል ድምር ካመጡ መጀመሪያ በችግር ዓምድ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ይቀድማል፤ በዚያም እኩል ከሆኑ ሴት አመልካች ትቀድማለች፤ ያም ካልለየ በምስክሮች ፊት ዕጣ ይወጣል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመረጃ ሠራተኛችን የአላፊዎቹን ዝርዝር አትሞ አመጣልኝ። ከላይ እስከ ታች 12 ተራ ቁጥር፣ 12 የአመልካች መለያ፣ ግርጌው ላይ ለሰብሳቢው ፊርማ የተተወ መስመር። ዝርዝሩ እጅግ ንጹሕ ነበር፤ ያጠራጠረኝም ንጽሕናው ነው። ከተመዘገቡት ውስጥ 63 ልጆች ተመዝነው፣ አብዛኞቹ ነጥቦች ሙሉ ቁጥር ሆነው፣ መቁረጫው አካባቢ አንድም እኩል አለመገኘቱ የማይመስል ነገር ነበር። ፋይሉን ስከፍተው የደረጃው ዓምድ በቀመር የተሠራ ሳይሆን 1 እና 2 ተጽፎ ወደ ታች የተጎተተ መሆኑን አየሁ። ዓምዱን አጥፍቼ ይህን አስገባሁበት፦

```
=RANK(H2,$H$2:$H$64)
```

ወዲያው ከ10 ቀጥሎ 11፣ 11፣ 11፣ 11 መጣ፤ ከዚያ በቀጥታ 15። አራት ልጆች በ81 ነጥብ እኩል ቆመዋል፤ የቀረው ቦታ ግን ሁለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ማን መረጣቸው? ኤክሴል በድምር ሲደረድር እኩል የሆኑትን ቀድሞ በነበሩበት ቅደም ተከተል ይተዋቸዋል። ከመደርደሩ በፊት ዝርዝሩ የተቀመጠው በምዝገባ ቁጥር ስለነበረ ቀድሞ የተመዘገበ ከላይ ሆነ። መለያ ቁጥሮቹ 017፣ 052፣ 096 እና 141 ነበሩ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት 017 እና 052 ናቸው። በክረምት ቀድሞ የሚመዘገበው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው፦ አንደኛ የሀዋሳ ዙሪያ ልጅ፣ ሁለተኛ ሀዋሳ ዘመድ ያለው። ከሁላና ከበንሳ የሚመጡት ማስታወቂያው ሲደርሳቸው፣ የቀበሌው ደብዳቤ ሲጻፍላቸውና መንገዱ ሲፈቅድላቸው ነው፤ ቁጥራቸውም መቶን ያለፈ ይሆናል። ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልተስማማበት የመለያ ደንብ፣ ያውም ድርጅቱ ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር የሚቃረን፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። የመረጃ ሠራተኛውን አልወቀስሁትም፤ «ደርድር» ተባለ፣ ደረደረ።

የተጻፈውን ደንብ መተግበሩ የሻይ ጊዜ ያህል እንኳ አይፈጅም። 017 በትራንስክሪፕት 36፣ በችግር 31 ነበረው። 096 በትራንስክሪፕት 31፣ በችግር 36። 052 እና 141 ደግሞ በሁለቱም ዓምዶች 33፣ 33። በችግር የሚበልጠው 096 በመጀመሪያው ደንብ 11ኛውን ቦታ ያዘ። ለ12ኛው 33 ያላቸው ሁለቱ እኩል ቀሩ፤ ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ ሁለተኛው ደንብ አልለያቸውም፤ ስለዚህ ዕጣ። 017 በ31 ነጥቡ ከዕጣው ውጭ ሆነ።

ይህን ይዤ ወደ ሰብሳቢያችን ቢሮ ገባሁ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ባለሙያ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ወረቀቱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካነበቡ በኋላ በቅድሚያ ያሉት ነገር፣ ፍትሐዊ ልሁንና፣ ትክክል ነበር።

«ችግርን እኮ ሁለት ጊዜ ልትቆጥረው ነው፤ አንዴ በ40ው ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ በመለያው።»

እውነት ነው። ከመመዘኛዎቹ አንዱን ለመለያነት የሚጠቀም ማንኛውም ደንብ ያን መመዘኛ ሁለት ጊዜ ያሠራዋል። ይህን የተቀበልነው የድርጅቱ ገንዘብ የተሰበሰበው ለችግረኛ ስለሆነ ነው፤ ለጎበዝ ሽልማት የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ትራንስክሪፕቱ ይቀድም ነበር። ይህንኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሁለተኛው ነገር ተሻገሩ።

«እሺ፣ እነዚህ ልጆች በእርግጥ እኩል ናቸው? ትራንስክሪፕቱን እኮ አጠጋግታችሁታል። የ017 አማካይ 90.9 ነው፤ በ0.4 ሲባዛ 36.36 ይመጣል። ያቺን .36 ማን ወሰደበት?»

መመሪያው የትራንስክሪፕት ነጥብ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል ይላል። ሳይጠጋጋ ቢቀር 017 ድምሩ 81.36፣ 141 81.2፣ 096 80.88፣ 052 80.84 ይሆናሉ፤ እኩልነቱ ይጠፋል፤ 017 እና 141 ይገባሉ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ከዕጣ የተሻለ ይመስላል፤ ቁጥር ነዋ። ነገር ግን የችግር ነጥብ የሚሰጠው በሙሉ ቁጥር ነው፤ ድርሰቱና ቃለ መጠይቁ የሁለት መዛኞች አማካይ ስለሆኑ በግማሽ ነጥብ ይቆማሉ። ጅራት ያለው ቁጥር የሚወጣው ከትራንስክሪፕቱ ዓምድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሳናጠጋጋ እንይ» ማለት «መለያው ትራንስክሪፕት ይሁን» ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቃሉን አለመጥራቱ ነው። ደግሞስ የአለታ ወንዶ አንድ መምህር የሰጠው 90 እና የሀዋሳ የግል ትምህርት ቤት የሰጠው 91 በ0.4 ነጥብ የሚለያዩ ልጆችን ያሳያሉ ብሎ የሚምል ማን ነው?

ከዚህም የከፋው ነገር ከአራቱ ውጭ ነበር። ከእኩሎቹ በታች በ80.5 የተቀመጠች 108 የምትባል አመልካች አለች፤ የእርስዋም ትራንስክሪፕት ከ36.46 ወደ 36 የተጠጋጋ ነው። ማጠጋጋቱን ስንተው 80.96 ትሆንና ከ096 እና ከ052 በላይ ትወጣለች። አራት ልጆችን ለመለየት የተነካ ሕግ አምስተኛዋን ከሥር አንሥቶ ሁለቱን ጣላቸው ማለት ነው። ነጥቡ ከታየ በኋላ ሕግ የሚነካ ሰው የሚነካው የፈለገውን ቦታ ብቻ አይሆንም። ይህን በወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ጋሼ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ዝም አሉ።

ከዚያ ወደ ዕጣው ዞሩ።

«ዕጣ የእቁብ ነው። እኛ የምንሰጠው የልጅ የወደፊት ሕይወት ነው፤ ከባርኔጣ ውስጥ አይዛቅም። ደግሞ የአዲስ አበባውን ኮንዶሚኒየም ረሳኸው? በ2014 ዕጣው ወጥቶ፣ ሰው ተደስቶ፣ በኋላ ተሰረዘ።»

«ጋሼ፣ ያን ያሰረዘው ዕጣ መሆኑ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው መረጃ ተነካክቷል መባሉ ነው። እዚህ የሚገቡት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ሁላችንም እያየን ይጠቀለላሉ።»

«ታዲያ ለምን ቃለ መጠይቁን በድጋሚ አናደርግም? ሁለቱን፣ ወይም ሦስቱን እንጥራ። 017ንም ጨምረን። ይህ ልጅ አንደበቱ የተባ ነው።»

አመልካቾቹ ለኮሚቴው የሚቀርቡት በመለያ ቁጥር ብቻ ነው። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው መዝገብ በእኔ መሳቢያ ይቆለፋል፤ ቃለ መጠይቁን ያደረጉትም ከኮሚቴው ውጭ የተጋበዙ ሁለት መምህራን ናቸው። የ017 አንደበት የተባ መሆኑን ጋሼ ከየት እንዳወቁ ጠይቄ አላውቅም፤ እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ወረቀቱን ብቻ አየን። የቃለ መጠይቁ ነጥብ 7 ነበር፤ ከ10። ያንን በጣቴ አመለከትሁ፤ ሌላ ምንም አላልሁም። የሰውን አንደበት ለመመስከር ሰባት ነጥብ ትንሽ መሆኑን ግን ሁለታችንም ተረድተናል።

«በሉ እንግዲህ፣ እንደ ደንቡ» አሉ በመጨረሻ፤ «በሉ» ያሉት እኔ ብቻዬን ሳለሁ ስለሆነ መከፋታቸው ገባኝ።

ዕጣው በማግስቱ ወጣ። ሁለት እኩል የተቆረጡ ወረቀቶች፣ 052 እና 141 ተጽፎባቸው፣ ከትምህርት ቤቶቹ በመጡ ሁለት ተወካዮች ፊት ታጥፈው ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ፤ ያወጣችው ቡና የምታፈላልን እኅት ናት። 141 ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴዎች ወረቀቱን ጥለው ይሄዳሉ፤ እኛ ግን ሁለተኛውንም ከፍተን ለምስክሮቹ አሳየን፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አለመጻፉን ማየት የዕጣው ግማሽ ነውና። ቃለ ጉባኤው ላይም የተጠባባቂዎቹ ቅደም ተከተል በዚያው ሰዓት ተመዘገበ፦ አንደኛ 052፣ ሁለተኛ 017። ይህ በዚያው ዕለት ካልተጻፈ ቦታ ሲለቀቅ ጭቅጭቁ እንደገና ከሀ ይጀምራል። በእርግጥም ከአላፊዎቹ አንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት አግኝቶ ሲለቅ 052 ገባች። ጋሼ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውለው «ሌላ የለቀቀ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም።

ውጤቱን ስንለጥፍ የአራቱንም የየዓምዱ ነጥብ ከመለያ ቁጥራቸው ጋርና የትኛው ደንብ እንደለያቸው ጽፈን ለጠፍን። ቅሬታ ይዞ የመጣው የ017 አጎት ብቻ ነው። ወረቀቱን ቆሞ አነበበ፣ መልሶ አነበበ፣ ከዚያ «ታዲያ እኔ የተነገረኝ ሌላ ነው» ብሎ ሄደ። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም፤ ይህ ሁለተኛው ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ምዝገባ ከመከፈቱ ሁለት ወር በፊት፣ ጋሼ ለኮሚቴው በጽሑፍ ሐሳብ አቀረቡ፦ የመጀመሪያው መለያ ትራንስክሪፕት ይሁን፣ ነጥቡም ወደ ሙሉ ቁጥር ሳይጠጋጋ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ይያዝ። እኔ ተቃወምሁ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፍሁ። ማን እንደሚጠቀምበት ገና ያልታወቀ ሕግ ስለነበረ የምቃወመው ይዘቱን ብቻ ነው፤ አካሄዱ ላይ አንዲት ቃል የምናገርበት አልነበረኝም። አዲሱ አንቀጽ በደማቅ ፊደል ታትሞ በየሰሌዳው ተለጠፈ። በዚያ ዓመት 12ኛው ከ13ኛው በሁለት ሙሉ ነጥብ በለጠ።