ከአዳራሽ በፊት የተመለሱትን ፋይሎች ማየት

በአንድ ባንክ የሥልጠና ክፍል በምሠራበት ጊዜ፣ አንድ የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ ለ12 የብድር ባለሙያዎቻቸው የሦስት ቀን ዎርክሾፕ እንድናዘጋጅ በደብዳቤ ጠየቁን። ምክንያታቸው የሚልኳቸው የብድር ፋይሎች ከዋናው መሥሪያ ቤት በተደጋጋሚ መመለሳቸው ነበር። ደብዳቤው የክህሎት ክፍተት መኖሩን እንጂ ክፍተቱ ምን እንደሆነና በማን ላይ እንደሚታይ አይገልጽም ነበርና፣ አዳራሽ ከመያዛችን በፊት የተመለሱትን ፋይሎች አስመጥተን በተመለሱበት ምክንያትና ባዘጋጃቸው ባለሙያ ለየናቸው።

የመያዣ ግምት መዘግየት የመጣው ከመሐንዲስ እጥረት ስለነበረ በየትኛውም ሥልጠና የሚፈታ አልነበረም። የመስክ ጉብኝት ሪፖርት ጉድለት የታየው በሦስት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። የደንበኛውን ትርፍ እንደ ጥሬ ገንዘብ መቁጠር ግን በሁሉም ዘንድ የተለመደ ይመስል ነበር።

ሰው የሚያውቀውንም በችኮላ ሊስተው ስለሚችል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመለማመጃ ፋይል ሰጥተን በቂ ጊዜ ወስደው እንዲሠሩት አደረግን። ባለጉዳዩ በዓመት 900 ሺህ ብር ያተረፈ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ነገር ግን በዱቤ ሸጦ ያልሰበሰበው ሂሳብ በዚያው ዓመት በ700 ሺህ ብር ስለጨመረ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ በእጁ የገባው 200 ሺህ ብር ብቻ ነው። የብድሩ ዓመታዊ ክፍያ 500 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ አሥሩ ባለሙያዎች «መክፈል ይችላል» ብለው ጻፉ። ጊዜ እያላቸው ብዙዎቹ በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ መሳሳታቸው፣ በጋራ ሊሠለጥኑበት የሚገባ የእውቀት ክፍተት መኖሩን አሳየን።

ሆኖም የሚሞሉትን ቅጽ ስንመለከት የተሰብሳቢ ሂሳብን ለውጥ የሚያስገቡበት መስመር ጭራሽ አልነበረውም። በእኔ እምነት ቅጹ ሳይስተካከል ዎርክሾፕ ብንጠራ ኖሮ፣ ሠልጣኞቹ ወደ ቢሯቸው እንደተመለሱ በአሮጌው መንገድ ይቀጥሉ ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ መስመሩ ተጨመረ፤ ቀጥሎም ለአሥሩ ባለሙያዎች ብቻ፣ በራሳቸው የተመለሱ ፋይሎች ላይ የሚሠሩበት የአንድ ቀን ዎርክሾፕ ተካሄደ።

የመስክ ሪፖርት ጉድለት የታየባቸውን ሦስቱን ባለሙያዎች በመስክ አብረናቸው ወጥተን ስንከታተል የየራሳቸው ችግር ነበራቸው። አንዱ የዕቃ ክምችቱን ሳይቆጥር የባለቤቱን ቃል ይመዘግባል፤ ሌላው በሚገባ አይቶ ሪፖርቱን ያሳጥራል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ትልልቅ ደንበኞችን የሂሳብ መዝገብ ለመጠየቅ ትሸማቀቃለች። ችግራቸው ስለሚለያይ እነዚህን በአንድ አዳራሽ ማስተማር ለማንኛቸውም አይጠቅምም ብለን ለእያንዳንዳቸው ኮቺንግ መረጥን። ነገር ግን ኮቺንግ ጊዜ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ የቅርብ አለቆቻቸው በሥራ የተጠመዱ ስለነበሩ፣ ሥራ አስኪያጁ የመለማመጃ ፋይሉን በትክክል ከሠሩት ሁለቱ መካከል አንደኛዋን ለዚህ ተግባር መደቡልን፤ የእርሷ የፋይል ድርሻም ለጊዜው ተቀነሰ።