ባጃጇ ሳትቆም፦ መጋጠሚያው የማይታይ የ4 ሴኮንድ አኒሜሽን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጭማቂ ቤት ያለው ጓደኛዬ ለቴሌግራም ቻናሉና ለቲክቶክ የሚሆን አጭር አኒሜሽን ጠየቀኝ። ጎኗ ላይ የቤቱ ስም የተጻፈባት ባጃጅ ትሄዳለች፣ ከኋላ ጦሳ ተራራ ቆሟል፣ ጉም ያልፋል። ቪዲዮው አልቆ ሲጀምር ግን ማንም እንዳያውቅበት ነው የፈለገው።

ርዝመቱን 4 ሴኮንድ፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ 30 ፍሬም አደረግሁት። ድምሩ 120 ፍሬም ነው፤ ቆጠራው ከ0 ተነስቶ 119 ላይ ያልቃል። ብዙ ሰው «መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ይሁን» ሲባል 0ኛውንና 119ኛውን ፍጹም አንድ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ከሆነ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይታያል፤ ባጃጇም በየዙሩ ለቅጽበት ድርቅ ትላለች። ስለዚህ ከ0ኛው ጋር የሚመሳሰለውን ኪፍሬም 120ኛው ላይ አስቀመጥሁና ኤክስፖርት ያደረግሁት እስከ 119 ብቻ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ላይ 120ኛው ፍሬም ከኮምፖዚሽኑ ውጭ ስለሚወድቅ መጀመሪያ ኮምፖዚሽኑን ትንሽ ማስረዘም፣ ኪፍሬሙን ማስቀመጥ፣ ከዚያ መልሶ ማሳጠር ነው።

ቦታው መግጠሙ ብቻውን አይበቃም፤ ፍጥነቱም መግጠም አለበት። መንገዱ ላይ Easy Ease ካደረጋችሁ ባጃጇ በየ4 ሴኮንዱ ፍሬን እየያዘች እንደገና ትነሳለች። መንገዱም ጎማውም ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ፍጥነት፣ ማለትም በሊኒየር ኪፍሬም ይሂዱ።

ሸራው 1080 በ1920 ፒክስል ነው። በመንገዱ ዳር ያሉትን ሱቆች የያዘውን ሥዕል 2160 ፒክስል ስፋት ሰጠሁት። የቀኝ ጫፉ ከግራ ጫፉ ጋር እንዲገጥም አድርጌ ሣልሁና ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ደረደርሁ። በአንድ ዙር 2160 ፒክስል፣ በፍሬም 18 ፒክስል ይሄዳል። ራቅ ያሉት ቤቶች ግን 1080 ፒክስል ሰፍተው 1080 ፒክስል ይሄዳሉ፤ በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄዱ ርቀት አላቸው።

ጎማው ደግሞ ከመንገዱ ጋር መስማማት አለበት፤ አለዚያ የሚንሸራተት ይመስላል። ራዲየሱን 86 ፒክስል ሳደርገው ዙሪያው 540 ገደማ ሆነ። 2160 ለ540 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ ጎማው በአንድ ሉፕ 4 ሙሉ ዙር ይዞራል። ሥዕሉን ከመጨረሴ በፊት ይህን ማስላቴ በኋላ ብዙ ልፋት አዳነኝ።

የባጃጇ ንዝረት ፖዚሽኗ ላይ በጻፍሁት ኤክስፕሬሽን፣ በሳይን ነው የተሠራው። ዋናው ነገር በአንድ ሉፕ ስንት ጊዜ እንደምትነዝር የሚወስነው `n` ሙሉ ቁጥር መሆኑ ነው። 7.25 ብትሉት መጋጠሚያው ላይ ትዘላለች፦

```
n = 8;
value + [0, 6*Math.sin(time/4*n*2*Math.PI)];
```

ጓደኛዬ «ተራራውም ይሂድ እንጂ!» ብሎ ነበር። ጦሳ በ4 ሴኮንድ ውስጥ አልፎ ተመልሶ ቢመጣ የደሴ ሰው ምን ይለናል? አብሽር፣ ተራራው ባለበት ይቁም አልሁት።

ያስቸገረው ጉሙ ነው። ጉም ዝግ ማለት አለበት፤ 4 ሴኮንድ ደግሞ ሙሉ ሸራ አቋርጦ ለመዝጋት አይበቃውም። ስለዚህ ሁለት የጉም ሌየር ሠራሁ። እያንዳንዳቸው በአንድ ዙር 120 ፒክስል ብቻ ይሄዳሉ። ኦፓሲቲያቸው ከ0 ተነስቶ መሃል ላይ 40 ይደርስና ወደ 0 ይመለሳል። ወደ መነሻቸው የሚዘሉት 0 ላይ ሳሉ ስለሆነ ዝላዩ አይታይም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ60 ፍሬም ይዘገያል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ደምቆ ይገኛል። ከፍተኛውን 40 ያደረግሁት በምክንያት ነው። ሁለቱም 20 ላይ ሲገናኙ ድምር ሽፋናቸው 36 በመቶ ይሆናል፤ ልዩነቱን ዓይን አይዝም። ከፍተኛው 100 ቢሆን ግን መሃል ላይ ወደ 75 ይወርድና ጉሙ የሚተነፍስ ይመስላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። የመጨረሻውን ፍሬም በመጀመሪያው ላይ ደርቡና ሌየሩን Difference አድርጉት። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ አንድ ፍሬም ተደግሟል ማለት ነው። ልዩነቱ በ0ኛውና በ1ኛው ፍሬም መካከል ካለው ጋር ከተቀራረበ ገጥሟል። በዓይን ለማየት ደግሞ ቪዲዮውን 60ኛው ፍሬም ላይ ቆርጬ ሁለቱን ግማሾች አቀያየርሁ። መጋጠሚያው መሃል ላይ ስለሚመጣ ጉድለት ካለ አይደበቅም።

ለቴሌግራም ድምፅ የሌለው MP4 ላክሁለት፤ እሱን እንደ ጂፍ ቆጥሮ ራሱ ይደጋግመዋል። ቲክቶክ ላይ ግን ዘፈን ካልገባበት አለ። በየ4 ሴኮንዱ የሚቆረጥ ዘፈን ጆሮ ያደክማል፤ ስለዚህ ሉፑን 5 ጊዜ ቀጥዬ 20 ሴኮንድ አደረግሁትና ዘፈኑን እሱ ላይ ጫነበት።