የ3 ሜትር ከ60 ቁራጭ

ልጅቷ 4ኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ጨርሳለች። የ4 ወር የተግባር ልምምዷን አጠናቃ፣ ክረምቱን እኛ ሳይት ላይ ለመሥራት አመልክታለች። ሲቪዋ ላይ "የሥራ ልምድ" በሚለው ሥር "የለም" ይላል። ልምምዱ ከኮምፒውተር ችሎታዋ በታች በአንድ መስመር ተቀምጧል፦ "በሕንፃ ግንባታ ላይ ኢንተርንሺፕ ሠርቻለሁ።"

ይሄ "የለም" የሚሉት ቃል ያበሳጨኛል። ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት አንድ ኃላፊ "ልምምድ ልምድ አይደለም" እያለ የተማሪዎችን ወረቀት ሳያነብ ይመልስ ነበር። ዛሬም አልረሳሁለትም።

"እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?" አልኳት።

"ምንም አይደለም ኢንጂነር፣ ፎርማኑን ሳግዝ ነበር።"

"ምኑን?"

"ፌሮ ሲቆረጥ ስቆጥር።"

"ቆጥረሽ ምን አገኘሽ?"

ዝም አለች። ከዚያ ሎግቡኳን አወጣች። አንድ ገጽ ላይ በእርሳስ የተሣለ ፌሮ አለ፣ 12 ሜትር። ለምድር ቤቱ ዓምዶች የሚቆረጠው 4.20 ስለነበር ከአንዱ ፌሮ ሁለት ይወጣና 3.60 ይተርፋል። ቁራጩ ጥግ ላይ ይከመራል። ለ1ኛው ፎቅ ዓምዶች የሚያስፈልገው ደግሞ 3.50 ነው፤ ለእሱ ሌላ አዲስ ፌሮ ሊቆረጥ ነበር። እሷ ግን ከክምሩ እንዲቆረጥ ለፎርማኑ ነገረችው። ከየፌሮው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተረፈ። ለ1ኛው ፎቅ 80 ቁራጭ ያስፈልግ ነበርና 40ው ከክምሩ ሲወጣ፣ 27 ይፈጅ የነበረው አዲስ ፌሮ ወደ 14 ወረደ። ከገጹ ሥር የቢሮ ኢንጂነሩ ፊርማ አለ።

"ይሄ ሲቪሽ ላይ ለምን የለም?" ስላት "ተማሪ ነበርኩ እኮ፤ አልተከፈለኝም" አለችኝ።

አብረን ጻፍነው። መጀመሪያ "ሳይት ኢንጂነር" ልትል ነበር፤ ከለከልኳት። "ተለማማጅ" ይበል፤ ያጸደቀው የቢሮ ኢንጂነሩ መሆኑም ይጻፍ። አለዚያ የሚጠይቃት ሰው ሎግቡኩን ሲያይ ለሌላውም አያምናትም። ሕንፃውን፣ የቆየችበትን ጊዜ፣ በእጇ የሠራችውንና ውጤቱን አስፍረን "የለም"ን ሰረዝን።

ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጃችን ሰጠሁት። ጣቱን 4.20 ላይ አሳርፎ፣ "ፌሮው ከላይኛው ፌሮ ጋር የሚደራረብበትን፣ መደራረቢያውን፣ አስባዋለች?" አለ። አስጠራናት።

"የወለሉ ከፍታ 3.50 ነው፣ ፌሮው 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ መደራረቢያው የውፍረቱ 50 እጥፍ ነው፣ 50 ጊዜ 14 ሰባ ሳንቲ ሜትር፤ ሲደመር 4.20" አለች፣ ወረቀት ሳታይ። "ላይኛው ደግሞ 2.80 ነው፤ 70 ሲደመርበት 3.50።"

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላት።