እማዬን ብቻዋን ከባሕር ዳር ፍራንክፈርት፦ ዊልቸሩን እንዴት ጠየቅኩ

ቲኬት ስትቆርጡ «እናቴ ዊልቸር ያስፈልጋታል» ካላችሁ ወኪሉ «እሺ» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል። ምን ብሎ እንደጻፈ ጠይቁት። በአየር መንገዶች ሲስተም ውስጥ ዊልቸር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚጻፉት ሦስት ናቸው፣ ልዩነታቸውም የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው።

WCHR ማለት ሰውዬው ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፣ አውሮፕላኑ ውስጥም ራሱ ይራመዳል፣ የተርሚናሉን ረጅም መንገድ ግን አይችለውም ማለት ነው። WCHS ማለት ደረጃ አይችልም፣ ውስጥ ገብቶ ግን ቀስ እያለ ወንበሩ ጋ ይደርሳል። WCHC ደግሞ ጨርሶ ለማይራመድ፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ለሚወሰድ መንገደኛ ነው።

እማዬ የምትኖረው ዳንግላ ነው። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ወልዳ ስለነበር ልታርሳት መሄድ ነበረባት፣ ያውም ብቻዋን። እኔ ፈቃድ አላገኘሁም፣ ሌላ የሚሄድ ዘመድም አልነበረም። ጉልበቷ የታመመ ነው። ሜዳ ላይ ምርኩዟን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር ግን አንድ ሰው ከላይ ካልሳባት፣ ሌላው ከታች ካልደገፋት አይሆንም። ይህን ሳስብ መልሱ ግልጽ ሆነልኝ፤ መሃለኛው፣ WCHS ነው።

ወኪሎች በልማድ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ነው። እዚያ ላይ ቆም ማለት የሚያስፈልገው በባሕር ዳር ምክንያት ነው። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ስትነሱ ከተርሚናሉ በእግር ወጥታችሁ፣ አውሮፕላኑ ሥር ቆማችሁ፣ በደረጃ ነው የምትሳፈሩት። ትንሿ ኪው-400 ስትሆን ደረጃው በሩ ላይ የተገጠመው ነው፤ ጥቂት እርከን ቢሆንም ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ደረጃው ይረዝማል። WCHR የተጻፈላት እናት ዊልቸሩ እስከ ደረጃው ሥር ያደርሳታል፣ ከዚያ በኋላ «በሉ ይውጡ» ነው። ቦሌም ቢሆን አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ አይቆምም። ሜዳው ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲመጣ ሌላ ደረጃ አለ ማለት ነው።

«እንግዲያው ለጥንቃቄ ትልቁን ላስጽፍላት» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ይህ ለብቻዋ ለምትሄድ እናት አደጋ አለው። WCHC ሲባል አየር መንገዱ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ መጸዳጃ ቤት ማን ይወስዳታል? ራሷ ትመገባለች? የደኅንነት መመሪያውን ትረዳለች? መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ አጃቢ ካልመጣ አትበርም ሊባል ይችላል። የበረራ አስተናጋጆች መንገደኛ ተሸክመው መጸዳጃ ቤት የማስገባት ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ የሚጻፈው በእርግጥ የምትችለው ልክ ነው፣ ሳይበዛም ሳያንስም።

ጉዞውን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ግትር ነበርኩ። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት በአንድ ቲኬት፣ መቀየሪያው ቦሌ ብቻ። በሌላ አገር ዞሮ የሚሄድ ረከስ ያለ ዋጋ ነበር። እህቴም «ልዩነቱ እኮ ብዙ ነው» ስትል ነበር። ነገር ግን በየመቀየሪያው ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ይቀየራል፤ አንዱ አስረክቦ ሌላው ካልመጣ እማዬ ቋንቋ በማታውቅበት አዳራሽ ተቀምጣ ትቀራለች። ሁለት የተለያየ ቲኬት መቁረጥም ያው ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ቦሌ ላይ አለቀ ስለሚባል ሻንጣዋን ራሷ አንስታ እንደ አዲስ መሰለፍ አለባት። በአንድ ቲኬት ግን ሻንጣው ባሕር ዳር ላይ FRA ተብሎ ይታሰርና ቀጥታ ይሄዳል። የሻንጣውን ወረቀት ራሴ አየሁት፦ BJR፣ ADD፣ FRA።

ከባሕር ዳር የመረጥኩት በረራ የቀኑ የመጨረሻው አልነበረም። ቢሰረዝ ከኋላው ሌላ አለ። ቦሌ ላይም ከአራት ሰዓት በላይ ቀራት። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከአገር ውስጥ ወደ ዓለም አቀፍ ማለፍም ጊዜ ይፈልጋል። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ምንም አይደለም። «ከሆነ» ያልኩት የሰሞኑን ጎጃም የሚያውቅ ይረዳኛል። ስለዚህ ቀደም ብላ መጥታ እኔ ቤት አደረች። ቲኬቱም ቀን መቀየር የሚፈቅድ ዓይነት ነበር፣ ጥቂት ብር ጨምሬበት።

ከዚያ ማረጋገጡ መጣ። ወኪሉ «ዊልቸር ገብቷል» አለኝ። ስክሪኑን እንዲያዞርልኝ ጠየቅኩት። እውነትም ገብቷል፣ ግን በአንዱ በረራ ላይ ብቻ፣ በረጅሙ። ከባሕር ዳር ቦሌ ባለው ላይ ምንም የለም። ጥያቄው ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ ነው የሚገባው፤ ደርሶ መልስ ከሆነ አራት መስመር መሆን አለበት። «አጭር በረራ ስለሆነ ነው» አለኝ። ደረጃው ያለው አጭሩ ላይ አይደል እንዴ! ከተስተካከለ በኋላ የመሄጃው እንዲህ ይነበብ ነበር፦

```
SSR WCHS ET HK1 BJRADD
SSR WCHS ET HK1 ADDFRA
```

የምትፈልጓት HK የምትለዋን ነው፤ ተረጋግጧል ማለት ናት። NN ወይም HN ካለ ገና ጥያቄ ነው፣ መልስ ይጠበቃል። UC ካለ አልተቻለም ተብሏል። የስክሪኑ አጻጻፍ ከሲስተም ሲስተም ትንሽ ይለያያል፣ እነዚህ ፊደሎች ግን ያው ናቸው። ይህ ሁሉ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ያልቅ። ክፍያ የለውም። እማዬ «ለሚገፋኝ ልጅ ስንት ልስጠው?» እያለች ስትጨነቅ ነበርና ይህንንም ደጋግሜ ነገርኳት።

እዚያው ሳለሁ ወንበሯን መተላለፊያው ዳር፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ አስያዝኩ። ጾም ስለነበር ምግቧን VGML አስባልኩ፣ ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ማለት ነው።

አሁን ከኮምፒውተሩ የሚከብደው ላይ ደረስን፣ ይሉኝታ። ባሕር ዳር ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አይታ በትሕትና ጠየቀቻት። «እማማ፣ ደረጃ መውጣት ይችላሉ?» እማዬም ወዲያው «ተመስገን የኔ ልጅ፣ ምን አለብኝ፣ እችላለሁ!» እንዳትል ነበር የኔ ፍርሃት። የኛ እናቶች ሰው ማስቸገር ሞታቸው ነው። እዚያ ላይ አንዴ «እችላለሁ» ካለች የተጻፈው ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ቤት ተለማመድን። እኔ ቼክ ኢን ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እሷ «ሜዳ እራመዳለሁ፣ ደረጃ አልችልም» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሳቀች። «እንደ ተማሪ ታስጠናኛለህ?» አለችኝ። ካውንተሩ ላይ ግን ቃል በቃል ያንኑ አለች። ሁለት ጎረምሶች በወንበር ይዘው ደረጃውን አወጧት፣ እኔም ከሩቅ በመስታወት አየሁ።

ሌላው ያስጠናኋት ነገር አለመነሳት ነው። አውሮፕላኑ ሲቆም ሰው ሁሉ ይነሳል፣ እሷም ተከትላ ልትነሳ ነው። «ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ተቀመጪ፣ የሚወስድሽ ሰው እስከ በሩ ይመጣል» አልኳት። ቦሌ ላይ በዊልቸር የሚሄዱ መንገደኞች አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲጠብቁም ወንበሩን ትታ እንዳትሄድ። ሽንት ቤት ካሰኛት ትናገር፤ ጠይቆ መሄድ ነውር አይደለም።

አንገቷ ላይ ባለ ክር የፕላስቲክ ኪስ አንጠለጠልኩላት፣ ውስጡ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመ አንድ ገጽ። አማርኛው እንዲህ ይላል፦

«አማርኛ ብቻ እናገራለሁ። ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፣ ደረጃ አልችልም። መድረሻዬ ፍራንክፈርት ነው። ልጄ መውጫው ላይ ትጠብቀኛለች። እባክዎ እስክታገኘኝ ድረስ ብቻዬን አይተዉኝ።»

ከሥሩ የበረራ ቁጥሮች፣ የቦታ ማስያዣው ስድስት ፊደል፣ የእህቴና የኔ ስልክ አለ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩት። ቲኬት ላይ 23:30 የሚለው ለእማዬ ማታ 5፡30 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ሲሆን ደግሞ ቲኬቱ የማግስቱን ቀን ይይዛል፣ እኛ ግን ያንኑ ሌሊት ነው የምንለው። በዚህ ቀን የተሳሳተ ሰው ብዙ ነው።

በእጅ ቦርሳዋ መድኃኒቷ፣ የእህቴ የግብዣ ወረቀት፣ የጉዞ ኢንሹራንሱና የመመለሻ ቲኬቱ ገቡ። የፍራንክፈርት ፓስፖርት ፖሊስ ቢጠይቅ አውጥታ ታሳያለች። ቅቤው ላይ ግን ተጣላን። ለአራስ ያለ ቅቤ ምን ገንፎ አለ? ሆኖም መንገደኛ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፣ ዊልቸሩን የሚገፋውም በጉምሩኩ በኩል ነው የሚያሳልፋት። በርበሬውና ሽሮው ሄዱ፣ ቅቤው እኔ ቤት ቀረ።

ፍራንክፈርት ላይ ሥራው ቀለል ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ደንብ ቁጥር 1107፣ እርዳታውን የሚሰጠው ኤርፖርቱ ራሱ ነው። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ፓስፖርት ቁጥጥሩን፣ ሻንጣውን፣ ጉምሩኩን አሳልፎ መውጫው ድረስ ያደርሳል። ካስፈለገም መጸዳጃ ቤት ይወስዳል። እህቴ የነበራት ሥራ መውጫው ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነበር፣ ቆየት ብሎም ቢሆን ወጣችላት።

የመመለሻው ቀን ኋላ ተገፋ፣ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ አልሄድም አለችና። ቀን ሲቀየር በረራዎቹ እንደ አዲስ ነው የሚገቡት፣ የድሮው WCHS አብሮ ላይዞር ይችላል። አየር መንገዱ ሰዓት ሲያሸጋሽግም እንደዚሁ ነው። እህቴ ደውላ «ሁለቱንም መስመር አንብቡልኝ» አለች። ከፍራንክፈርት ቦሌ HK ነበር፣ ከቦሌ ባሕር ዳር ባዶ። እዚያው ስልክ ላይ አስገቡላት፣ እሷም በድጋሚ አስነብባ ነው ስልኩን የዘጋችው።