በሊዝ ወይስ በግዢ? አንዷ መጣኔ መልሱን ገለበጠችብኝ

ሰሞኑን የዕቃ ማድረሻ መኪና በሊዝ መያዝና መግዛት የቱ እንደሚያዋጣ ማስላት እየተለማመድኩ ነው። ቁጥሮቹን ለመልመጃ ብዬ ራሴ ያወጣኋቸው ናቸው፤ ሁሉም በሺህ ነው።

መኪናዋ 1,000 ትገዛለች፣ 4 ዓመት ታገለግላለች፣ በመጨረሻም 200 ትሸጣለች። የእርጅና ተቀናሿ በዓመት 250፣ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ሊዙ በየዓመቱ መጀመሪያ 270፣ 4 ጊዜ ይከፈላል። ነዳጅና ጥገና በሁለቱም መንገድ በእኔ ላይ ስለሆኑ ከስሌቱ አወጣኋቸው።

እርጅና ከኪስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግብር ግን በዓመት 75 ይቀንስልኛል። ሽያጩ ላይ መኪናዋ በመዝገብ ዜሮ ስለደረሰች 200ው በሙሉ ትርፍ ነው፤ ግብሩ 60 ሲወጣ 140 ይቀረኛል። የሊዙ ክፍያም በየዓመቱ 81 ግብር ያድንልኛል፣ ግን የሚያድነው በዓመቱ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ኤክሴል ሸውዶኝ ነበር፦ የወደፊት ክፍያዎችን በዛሬ ዋጋ የሚያሰላው `NPV` የመጀመሪያውን ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚከፈል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚከፈለውን 270 ከቅንፉ ውጭ መደመር አለብኝ።

ከዚያ የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የምቀይርበትን መጣኔ መምረጥ መጣ። ድርጅቱ ከአዲስ ሥራ የሚጠብቀው ትርፍ ነው ብዬ 15 በመቶ አስገባሁ። የግዢው ወጪ በዛሬ ዋጋ 706፣ የሊዙ 655 ወጣ። "ሊዝ" ብዬ ልዘጋው ስል አንድ የሂሳብ ባለሙያ ጓደኛዬ "ሊዙ ባይኖር ገንዘቡን ከየት ታመጣው ነበር?" አለኝ። ከባንክ፣ በ10 በመቶ። ሊዝም እንደ ብድር የማይቀር ግዴታ ነው፤ ስለዚህ የሚወዳደረው ከብድር ጋር ነው። ወለዱ ከግብር ስለሚቀነስ ትክክለኛው መጣኔ 7 በመቶ ይሆናል።

በ7 በመቶ ስሠራው ግዢው 639፣ ሊዙ 704 ሆነ። መልሱ ተገለበጠ! ግዢ ወጪውን ዛሬ ይጠይቃል፣ ሊዝ ወደፊት ይገፋዋል፤ መጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር የሩቁ ክፍያ ትንሽ ይመስላል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 11 በመቶ አካባቢ ነው። ማለትም ሊዙ ከግብር በኋላ 11 በመቶ ገደማ የሚያስከፍል ብድር ነው፤ ባንኩ ደግሞ በ7 ይሰጠኛል።

የባንክ ወለዱንም በግዢው ዓምድ አስገብቼ ነበር፤ ሰረዝኩት። በ7 በመቶው ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

አሁን የማላምነው ቁጥር የመሸጫ ዋጋዋን ነው። መልሼ ስፈትሸው መኪናዋ ከ78 በታች ከተሸጠች ሊዙ ያሸንፋል። ቀኑን ሙሉ ስትቆምና ስትነሳ የምትውል መኪና ደግሞ ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ቶሎ ስለሚያልቅ፣ 200ው ከየት እንደመጣ ቢጠይቁኝ በግምት ነው የምለው። ቀጥሎ የማደርገው ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ የ4 ዓመት መኪኖች ስንት እንደተሸጡ መሰብሰብ ነው።